በራስ ላይ መቀለድ፦ ፈታኙ ስቆ ምን ጻፈ?

ጥያቄ፦ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር ለከፍተኛ የፋይናንስ ኦፊሰርነት ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ነበር። ፈታኞቹ አራት ናቸው። ከገባሁ ጀምሮ በራሴ ላይ እየቀለድኩ አሳቅኳቸው። “ድክመትሽ ምንድን ነው?” ሲሉኝ “እኔና ኤክሴል እንደ አማትና ምራት ነን፤ ተቻችለን ነው የምንኖረው” አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ አልተመረጥኩም። አሁን ደግሞ በምሠራበት ቦታ የዓመቱን የበጀት አፈጻጸም ለሥራ አመራሩ ላቀርብ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። መክፈቻዬ “እኔ ቁጥር አልወድም፣ ቁጥርም እኔን አይወደኝም” የሚል ነበር። ልተወው? በራስ መቀለድ ልኩ ስንት ነው?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ያልተመረጥሽው በቀልዱ ነው ብዬ አልምልልሽም። ከአንቺ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ገብቶ ይሆናል፤ የደመወዝ ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ግን ያቺን የአማትና የምራት ነገር ሳነብ ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ እጄ እስክሪብቶ ፈለገ። ልማድ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ከተፈታኝ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ፈታኝ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይጽፋል።

አራቱ ፈታኞች ፊት አንድ አንድ ቅጽ ነበር። ቅጹ ላይ መስፈርቶች ተደርድረዋል፦ የሙያ ዕውቀት፣ የሥራ ልምድ፣ የመግባባት ችሎታና የመሳሰሉት። በየመስፈርቱ ጎን የነጥብ ቦታና አጭር የማስታወሻ ቦታ አለ። አንቺ ስትቀልጂ ሳቁ የት ይመዘገባል? ለሳቅ የተተወ ቦታ የለም። ደግ ፈታኝ ከሆነ “የመግባባት ችሎታ” ላይ አንድ ነጥብ ይጨምርልሽ ይሆናል። ቃልሽ ግን “የሙያ ዕውቀት” ጎን ይገባል፣ ያውም ልብሱን አውልቆ፦ “ኤክሴል ላይ ደካማ ናት፤ ራሷ ተናግራለች።” አማቷም ምራቷም እዚያ የሉም። ድምፅሽ የለም፣ ፈገግታሽ የለም፣ ዓይንሽን ጨፈን ያደረግሽበት የለም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት ለመጋዘን ኃላፊነት ሰው እንመርጥ ነበር። አንድ ወጣት ገባ፣ ቀልጣፋ ነው፣ የንብረት አያያዝ ደንቡን ከእኛ በላይ ያውቃል። ስለ ድክመቱ ሲጠየቅ “የቤቴን ቁልፍ በሳምንት ሁለቴ እጥላለሁ፤ የመጋዘን ቁልፍ ግን በሕይወቴ ጠፍቶብኝ አያውቅም” አለ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። የዚያን ቀን ስድስት ሰው ፈተንን፣ በማግስቱም አምስት። በሦስተኛው ቀን ነጥብ ለማወዳደር ስንቀመጥ ከመካከላችን ከሁሉም በላይ ስቆ የነበረው ሰው ወረቀቱን አገላብጦ “ይኼ ልጅ ቁልፍ ይጥላል ያለው አይደለም እንዴ?” አለ። የእኔን ማስታወሻ ባይ “ቁልፍ ይጥላል” ይላል። የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ በማንኛችንም ወረቀት ላይ አልነበረም። በነጥብ ሁለተኛ ወጣ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ልጁ የተናገረው ሙሉው ዓረፍተ ነገር ለዚያ ሥራ ትክክለኛው መልስ ነበር።

እና ኮሚቴ ለምን በጽሑፍ ላይ እንዲህ ይደገፋል ብትዪ፣ ቅሬታ ስለሚመጣ ነው። ያልተመረጠ ሰው አቤት ሲል ኮሚቴው ወረቀቱን አውጥቶ ማሳየት አለበት። “ሞቅ ያለች ልጅ ናት፣ ወደድናት” የሚል ማስረጃ አያስኬድም። “ራሷ ተናግራለች” የሚለው ግን ማንም የማይከራከረው ምክንያት ነው። ሁለት እኩል ተፈታኞች ሲቀሩና አንዱን መጣል ግድ ሲሆን እጅ በቀላሉ የሚሄደው ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ሳይጠሩት አቤት የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ አንቺን የጠየቁሽ አንድ ድክመት ነበር፣ አንቺ የሥራውን ዋና መሣሪያ አነሳሽ።

ይህን ስል ግን ኮስተር ብለሽ ግቢ ማለቴ አይደለም። በራስ መቀለድ ይጠቅማል፤ የሚጠቅምበት ሁኔታም በደንብ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ አንድ ሙከራ ሠራ። ተማሪዎቹ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚፈተን ሰው ድምፅ ተቀርጾ ተሰማቸው። በአንደኛው ቅጂ ሰውዬው ከከባድ ጥያቄዎች 92 በመቶውን ይመልሳል። በሌላኛው የሚመልሰው 30 በመቶውን ብቻ ነው። ከሁለቱም ቅጂዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ተዘጋጀ፦ መጨረሻው አካባቢ የሲኒ ኳኳታ ይሰማል፣ ወንበር ይንሸራተታል፣ ሰውዬው አዲሱ ሱፉ ላይ ቡና መድፋቱን በድንጋጤ ይናገራል። ከዚያ ተማሪዎቹ ሰውዬውን ምን ያህል እንደወደዱት ተጠየቁ።

ከአራቱ የበለጠ የተወደደው ቡና የደፋው ጎበዝ ነው፤ ካልደፋው ጎበዝ ይልቅ ማለት ነው። ሰነፉ ግን ቡና ሲደፋ ጭራሽ ተጠላ። ቡናው ያው ቡና ነው፣ ሱፉም ያው ሱፍ። የተለወጠው አድማጩ ከዚያ በፊት ስለ ሰውዬው ያወቀው ነገር ነው።

ይህ ጥናት በየሥልጠናው ይጠቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን “ስሕተትህን አሳይ፣ ይወዱሃል” ተብሎ ተቆርጦ ነው። ሁለት ነገር ይዘለላል። አንደኛው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ቡናው የተደፋው ችሎታው ከታየ በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ እንደነገርሽኝ ቀልዱን የጀመርሽው በሩ ላይ ነው፤ ጎበዝ መሆንሽን ማንም ገና አላየም። በዚያች ደቂቃ ለፈታኙ አንቺ ቡና የደፋው ጎበዝ ትሁኚ ሰነፉ መለያ የለውም። ሁለተኛው፣ ቡና መድፋት ከጥያቄና መልስ ጋር አይገናኝም። ሰውዬው የተሰናከለው በእጁ ነው፣ በጭንቅላቱ አይደለም። ኤክሴል ግን ለሂሳብ ባለሙያ ልክ ለሾፌር መሪ ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ ሙከራ የለካው መወደድን ነው። መቀጠርን አይደለም። የማይወዱትን ሰው የሚቀጥሩ፣ የወደዱትንም ሰው የሚያሰናብቱ ኮሚቴዎች ሞልተዋል፤ እኔም ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

ለአንቺ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ብራድ ቢተርሊና ሞሪስ ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ነው። እነሱ የጠየቁት “ሰው ስለራሱ መጥፎ ነገር ሲናገር በቀልድ ቢናገረው ለውጥ ያመጣል ወይ?” ብለው ነው። ያመጣል። ድክመቱን በቀልድ ያወራ ሰው ያንኑ ድክመት በደረቁ ካወራው ሰው የተሻለ ግምት ያገኛል። ምክንያቱም አድማጩ ቀልድ ሲሰማ ቃሉን እንዳለ አያምነውም፤ “አጋኖ ነው፣ የምር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይስቅበትም ነበር” ይላል። እኛም ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ እውነተኛ ድሃ ስለ ድህነቱ ብዙ አይቀልድም።

ይህ ጥቅም ግን ዳር አለው። የተቀለደበት ችሎታ ለሥራው ዋና ሲሆን ቀልዱ ድክመቱን መሸፈን ያቅተዋል። የስታቲስቲክስ ባለሙያ በፊደል ግድፈቱ ቢቀልድ ይስቁለታል። በስታቲስቲክሱ ቢቀልድ ግን ስቀው ሲያበቁ ያስባሉ። እዚህ ላይ ከራሴ ልምድ አንድ ነገር ብጨምር ደስ ይለኛል፦ ቀልዱ ሰው ቀድሞውኑ በልቡ ከሚጠረጥርሽ ነገር ጋር ከገጠመ ይብሳል። ወጣት ከሆንሽ በልምድ ማነስሽ፣ ሴት ከሆንሽ “ቁጥር ይከብደኛል” በሚል፣ ከክፍለ ሀገር ከመጣሽ በአነጋገርሽ አትቀልጂ። ጥርጣሬው ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ ተጠራጣሪው ማስረጃ ስለሚፈልግና አንቺ ራስሽ በእጁ ስለምታስይዢው ነው።

እንግዲህ ያንን ጥያቄ እንደገና እንመልሰው። “ድክመትሽ ምንድን ነው?” ብለውሻል። ሦስት ነገር ያስፈልግሻል፦ እውነት የሆነ፣ ከሥራው ዋና መሣሪያ ውጭ የሆነ፣ መጨረሻው ወደ ሥራሽ የሚመለስ። ለምሳሌ እጅ ጽሑፍሽ መጥፎ ነው እንበል። “የእጅ ጽሑፌን ከፋርማሲስት በቀር የሚያነበው የለም። በዚህ ምክንያት ማስታወሻዬን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ መያዝ ጀመርኩ፤ አሁን የየወሩን የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ማንም ሰው ከእኔ ተረክቦ ሳይጠይቀኝ መጨረስ ይችላል” ብትዪስ? ፋርማሲስቱ ላይ ይስቃሉ። የሚጽፉት ግን ምንድን ነው? ቢበዛ “ማስታወሻዋን በኮምፒውተር ትይዛለች፣ ለርክክብ የተመቸ ነው” ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የጻፈ ሰነፍ ፈታኝ ቢኖር እንኳ “እጅ ጽሑፏ መጥፎ ነው” ማንንም ከፋይናንስ ኦፊሰርነት አይጥልም። የመጋዘኑ ልጅ ያልነበረው ይህ ነው፤ የእሱ ቀልድ ግማሹ ሲቆረጥ የቀረው ግማሽ ገደለው። እኔ ሰው ሳሠለጥን የማስሞክረው ይህን ነው፦ ቀልድሽን ጻፊው፣ ከመሀል ቁረጪው፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ለማያውቅሽ ሰው አንብቢለት። ከዚያ በኋላም ሥራውን ይሰጥሻል?

እውነት ኤክሴል የሚከብድሽ ከሆነስ? ያኔ ቀልዱን ተዪውና በደረቁ ተናገሪ፦ የትኛው ክፍል እንደሚከብድሽ፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ። “ፒችትሪ ላይ ነው ያደግኩት፤ ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል ዘግይቼ ነው የለመድኩት፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን የወር መዝጊያ ሪፖርቱን የምሠራው በእሱ ነው” ማለት ለፈታኝ ጆሮ ከአማትና ምራት በጣም ይሻላል። አያስቅም፤ ግን ሲጻፍ አይለወጥም።

ቀልዱ መስመር መሳቱን እዚያው ሆነሽ የምታውቂበት ምልክት አለ፤ ለእኛ ሰዎች ደግሞ ቀላል ነው። “አይዞሽ” ሲመጣ ነው። በራስሽ ስትቀልጂ ከአድማጩ አንዱ “ኧረ በፍጹም!” ወይም “አይዞሽ፣ ሁላችንም እንደዚያው ነን” ካለ ሰውዬው አልሳቀም፣ አጽናንቶሻል። የሚጽናና ሰው ደግሞ የታመመ ነው። ሳቅ ቀልዱን ተቀብሏል፤ አይዞሽ ኑዛዜውን ተቀብሏል። ዝምታ ከአይዞሽ ይሻላል፣ ቢያንስ ዝም ያለው ሰው ገና አልፈረደም። አይዞሽ ከሰማሽ ሁለተኛ ቀልድ አትጨምሪ፤ “አመሰግናለሁ” ብለሽ ወደ ሥራው ግቢ። ብዙ ሰው በዚህች ሰዓት ደንግጦ የባሰ ይቀልዳል፤ አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ ነው።

ስለ ትሕትናችንም አንድ ነገር ልበል፤ ከቀልድ ጋር ስለሚደባለቅ። ሽማግሌ ፊት ቆመሽ “እኔ ከእናንተ በላይ አውቄ ሳይሆን” ብለሽ ብትጀምሪ ማንም “አታውቅም” ብሎ አይጽፍም። ይህ የአነጋገር ሥርዓት ነው፣ ሰላምታ እንደማለት ነው፤ የሚናገረውም የሚሰማውም ያውቀዋል። ዕድሜው የገፋ ፈታኝ እንዲያውም ይወድልሻል። ችግሩ ይኸው አባባል ቋንቋ ሲቀይር ነው። የውጭ ድርጅት ፈታኞች ፊት፣ ወይም አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን እንደሚያደርጉት፣ ያንኑ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ስትዪው ሥርዓቱ ይቀርና ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ይደርሳል። “በጉዳዩ ላይ ብዙ ዕውቀት የለኝም” ብሎ የጀመረ ሰው እዚያ ወንበር ላይ እንደተናገረው ይታመናል። በአማርኛ ስትፈተኚ አንዲት የትሕትና መግቢያ አትጎዳሽም። በእንግሊዝኛ ስትፈተኚ ግን ያቺን መግቢያ ቤት ተያትና “ጥያቄው ጥሩ ነው፤ እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው” ብለሽ ጀምሪ። ትሕትናሽ በድምፅሽ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሃያ ደቂቃሽ። የሪፖርት ማቅረቢያ መድረክ ከቃለ መጠይቅ ይለያል፤ ቦታው አለሽ፣ ያውቁሻል፣ ነጥብ የሚሞላ ቅጽ የለም። ሰው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ቁጥር ሲሰማ ትንፋሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀልድ እዚህ የበለጠ ቦታ አለው። ግን እዚህም አንድ የማይነካ ነገር አለ፦ የምታቀርቢው ነገር ራሱ። በራስሽ መቀለድ ይቻላል፤ በሸቀጥሽ መቀለድ ግን የሸቀጡን ዋጋ ያወርዳል።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ እንግሊዛዊው የጌጣጌጥ ነጋዴ ጄራልድ ራትነር ነው። ሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. በ1991 ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ለኩባንያ ዳይሬክተሮች ንግግር አደረገ። ሱቆቹ በርካሽ የሚሸጡትን የመጠጥ ማቅረቢያ ከነብርጭቆው ጠቅሶ “እንዴት በዚህ ዋጋ ትሸጣላችሁ?” ለሚለው መልሱ ዕቃው እርባና ቢስ ስለሆነ ነው የሚል ቀልድ ተናገረ፤ ቃሉ እኔ ካልኩት የከፋ ነበር። ስለ ጆሮ ጉትቾቹም ከሱቅ ሳንድዊች ዋጋቸው ያነሰ ነው፣ ሳንድዊቹ ግን ሳይቆይ አይቀርም ዓይነት ነገር ጨመረ። አዳራሹ ሳቀ። እነዚህን ቀልዶች ከዚያ በፊትም ተናግሯቸው ነበርና ማሳቃቸውን ያውቃል። በማግስቱ ጋዜጦች ይዘውት ወጡ። ከአዳራሹ ውጭ ያለው ደንበኛ ግን ሳቁን አልሰማም፤ የሰማው ባለቤቱ ራሱ ዕቃው የማይረባ መሆኑን መናገሩን ነው። የኩባንያው የገበያ ዋጋ በ500 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወረደ፤ ራትነርም በ1992 መጨረሻ ከሥራው ለቀቀ፣ ኩባንያው በኋላ ስሙን ቀየረ።

አየሽ፣ ከመጋዘኑ ልጅ ጋር ታሪኩ አንድ ነው። ሳቁ አዳራሹ ውስጥ ቀረ፣ ቃሉ ወጣ።

“እኔ ቁጥር አልወድም፣ ቁጥርም እኔን አይወደኝም” የሚለው መክፈቻሽ ይሄው ነው። የምታቀርቢው ቁጥር ነው፤ ሸቀጥሽ እሱ ነው። እንበልና አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የሥራ አመራሩ አንድ አባል “ይህ የጉዞ ወጪ ካለፈው ዓመት ለምን በዚህ ያህል በለጠ?” ብሎ ጠየቀ፣ አንቺም ለማመሳከር ትንሽ ወረቀት አገላበጥሽ። ያለ መክፈቻው ቢሆን ወረቀት ማገላበጥሽ ጥንቃቄ ነበር። ከመክፈቻው በኋላ ግን “ቁጥር አልወድም ብላ የለ” ይሆናል። ከመክፈቻሽ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ ማመንታት ይህችን ቀልድ ይጠራታል። ስለዚህ ተዪው።

እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ ሠርቻለሁ። አንድ ቦታ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተጠርቼ “ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ እንግዲህ የምናገረውን በሻማ ነው ያዘጋጀሁት” ብዬ ጀመርኩ። ሳቁ። በሁለተኛው ቀን በተሰበሰበው የአስተያየት ወረቀት ላይ ሦስት ሰዎች “አሠልጣኙ በቂ ዝግጅት አላደረጉም” ብለው ጻፉ። ለዚያ ሥልጠና አንድ ወር ነው የተዘጋጀሁት። መብራቱም አልጠፋም ነበር፣ ለቀልዱ የጨመርኩት ነው።

ምን ላድርግ ካልሽ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ለዋናው ውጤት ስጪ። በጀቱ ስንት ነበር፣ ስንቱ ተሠራበት፣ ልዩነቱ የት ነው። እነዚህን ሦስቱን ጥርት አድርገሽ ካልሽ በኋላ ጎበዟ መሆንሽ ታይቷል፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ይደፋ። በራስሽ ላይ የምትቀልጂው ነገር ደግሞ ከቁጥሩ ትክክለኛነት የራቀ ይሁን፦ ለቁጥር ያለሽ ከልክ ያለፈ ፍቅር እንኳ ሊሆን ይችላል። “ይህች ሠላሳ ብር ከየት እንደመጣች ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ባለቤቴ ሠላሳውን ብር እኔ ልስጥሽና እራት እንብላ ብሎኝ ነበር” ብትዪ (እውነት ከሆነ ብቻ) በራስሽ ቀልደሻል፣ ሰውም ይስቃል፣ ከአዳራሹ የሚወጣው ወሬ ግን “ሠላሳ ብር አታሳልፍም” ነው። ከመሀል ብትቆርጪውም የሚቀረው “ለሠላሳ ብር ሁለት ቀን ፈጀች” ነው፤ ቢከፋ ግትር ይሉሻል እንጂ ግዴለሽ አይሉሽም። ከሂሳብ ባለሙያ የሚፈለግ ድክመት ካለ ይሄ ነው።

ልኩን ስለጠየቅሽኝ፦ እኔ ሰው ሳሠለጥን ለአርባ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ በራስ ላይ አንድ ቀልድ፣ ለሃያ ደቂቃ ሪፖርት ቢበዛ ሁለት እላለሁ። የሳይንስ ቀመር አይደለም፤ ከሦስተኛው በኋላ አድማጭ ቀልዱን መቁጠር ትቶ ተናጋሪውን መመርመር ሲጀምር ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ሦስተኛው ላይ “ምን ፈርታ ነው?” ይላል። ጥያቄና መልስ ሲጀመር ደግሞ ጨርሶ አትቀልጂ፤ በተለይ መልሱን የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣ። እዚያ ላይ “እስከ ነገ ጠዋት አረጋግጬ በጽሑፍ እልክላችኋለሁ” ማለት ከየትኛውም ቀልድ ይበልጣል።

ሥራ አስኪያጅሽ በራሳቸው ሲቀልዱ አይተሽ ከሆነና “እሳቸው በየስብሰባው ይቀልዳሉ፣ ምን ሆኑ?” ካልሽ፣ ልዩነቱ ወንበሩ ነው። ወንበሩ ችሎታቸውን ቀድሞ መስክሮላቸዋል፤ እሳቸው ቡና በደፉ ቁጥር ዝቅ ብለው ወደ ሰው ይቀርባሉ። አንቺ ገና ወደ ላይ እየወጣሽ ነው።

የሠላሳ ብሩን ቀልድ ከመረጥሽ አንድ ሰው ላይ ሞክሪው። ጓደኛሽ ላይ ግን አይሁን፣ እሷ ስለምትወድሽ ትስቃለች። ከሌላ ክፍል አንድ ሰው ፈልጊና አጫውቺው፤ በማግስቱ “ትናንት ምን አልኩህ?” ብለሽ ጠይቂው። መልሶ የሚነግርሽ ዓረፍተ ነገር የሥራ አመራሩ አባላት ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ዓረፍተ ነገር ነው። እሱን ከወደድሽው ተናገሪው።